የተቀላቀለ ንግግር ግልባጭ፦ መጻፍና መተርጎም ይለያዩ

በዩኒቨርሲቲ ክፍሎችና የስብሰባ አዳራሾች የሚቀረጸው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀሉበት ነው። ይህን ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሰው ሳያስተውል ሁለት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ያከናውናል፤ የተባለውን ይጽፋል፣ የተባለውንም ይተረጉማል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለቱ ሥራዎች መለየት አለባቸው የሚል ነው። ግልባጩ ተናጋሪው የተጠቀመበትን ቃል እንዳለ መያዝ ይገባዋል፤ ትርጉሙ ካስፈለገ በኋላ፣ በሌላ ዓምድ፣ ትርጉም መሆኑ ታውቆ ይቀመጥ።

የጉዳዩን ክብደት ለማየት በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ ሊሰማ የሚችል አስተያየት እንውሰድ። አማካሪው ለተማሪዋ «ሪዛልቱ ሲግኒፊካንት አይደለም፤ ግን ሳምፕሉ ትንሽ ስለሆነ ዲስከሽን ላይ በደንብ ጀስቲፋይ አድርጊው» ይላሉ። ገልባጩ ንግግሩን «ለማጽዳት» አስቦ «ውጤቱ ጠቃሚ አይደለም፤ ግን ናሙናው ትንሽ ስለሆነ በውይይቱ ላይ ምክንያቱን አስረጂ» ብሎ ይጽፈዋል። ዓረፍተ ነገሩ አምሮ ወጥቷል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ተለውጧል። አማካሪው ስለ ስታቲስቲካዊ ፈተና ውጤት ተናግረው ሳለ፣ ግልባጩ ጥናቱ ጥቅም የለውም ያሉ ያስመስላቸዋል። «ዲስከሽን» ያሉት የጽሑፉን ምዕራፍ ነበር፤ ግልባጩ ግን የቃል ውይይት አድርጎታል። ግልባጩን በኋላ የሚያነብ ተመራማሪ ይህን ስሕተት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ቃላት ከገጹ ጠፍተዋል።

በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ ይኸው ልማድ ሰዓት ያዛባል። «ሚቲንጉ ናይን ኦክሎክ ነው» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ማለትም በአማርኛው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ገልባጩ ቁጥሩን ብቻ ተርጉሞ «ዘጠኝ ሰዓት» ካለ፣ ስብሰባው በስድስት ሰዓት ዘግይቶ ከቀትር በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ሰዓትና ቀን በተነገሩበት ቋንቋ መጻፍ አለባቸው፤ ማመሳከሪያው በቅንፍ ይጨመራል እንጂ የተነገረውን አይተካም።

ሥራውን ለኮምፒውተር መስጠት ችግሩን አያስቀርም፤ መልኩን ይለውጠዋል እንጂ። ለምሳሌ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣውና ብዙ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ዊስፐር የተባለው ፕሮግራም ድምፁን በ30 ሰከንድ ክፍልፋዮች ያያል። ቋንቋው በትእዛዝ ካልተነገረው የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ሰምቶ አንድ ቋንቋ ይመርጣል፣ ፋይሉንም በሙሉ በዚያ ቋንቋ ይጽፋል። መምህሩ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ሰላምታ ከጀመሩ፣ ቀጥሎ ያለው የአንድ ሰዓት አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ ይታያል። የሚወጣው ጽሑፍ አንዳንዴ ያልተጠየቀ ትርጉም፣ አንዳንዴም ፈጠራ ነው፤ ሰዋስዉ የተስተካከለ ስለሚሆን ግን በቀላሉ አያስጠረጥርም። በመሆኑም ቋንቋውን በግልጽ ማዘዝ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው፦

```
whisper seminar.wav --model large --language am --task transcribe --condition_on_previous_text False
```

የመጨረሻው አማራጭ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ካለፈው ጽሑፍ ተጽእኖ ተላቆ እንዲጻፍ ያደርጋል። ይህም ፕሮግራሙ በአንድ ሐረግ ላይ ተጣብቆ ያንኑ ደጋግሞ እንዳይጽፍ ይረዳል። ቢሆንም በአማርኛ የሚወጣው ረቂቅ ደካማ ነው። ዝምታ ባለበት ቦታ ያልተነገረ ዓረፍተ ነገር መኖሩ፣ አንድ ሐረግ በተከታታይ መደጋገሙና ረጅም ንግግር በሁለት መስመር ማለቁ ወደ ድምፁ መመለስ እንደሚያስፈልግ ያመለክታሉ። ረቂቁ ይበልጥ የሚጠቅመው ማን መቼ ገደማ እንደተናገረ ለመፈለግ እንጂ፣ ምን እንደተባለ ለመጥቀስ አይደለም።

ድምፁን በየቋንቋው ቆራርጦ ለየብቻ ማስገልበጥ እንደ መፍትሔ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ተናጋሪው አንድ ሙሉ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ተናግሮ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህ ይሠራል። ከላይ ባየነው ንግግር ግን ድንበሩ ያለው በቃሉ ውስጥ ነው። «ሪዛልቱ» የእንግሊዝኛ ግንድና የአማርኛ መስተአምር አለው፤ «ጀስቲፋይ አድርጊው» ጾታንና ተሳቢን የሚያሳየው በአማርኛው ረዳት ግሥ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል የሚቆርጥ መቀስ የለም።

ስለዚህ ለገልባጩ የሚያስፈልገው ወጥ የአጻጻፍ ደንብ ነው፤ ቀላሉም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ መከተል ነው። ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛ ግሥ ከተዘጋ፣ በውስጡ ያሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ እንደተሰሙ በፊደል ይጻፋሉ፤ ቅጥያዎቻቸውም አብረው ይሆናሉ። ሐሳቡ ከመነሻው እስከ ግሡ በእንግሊዝኛ ከሆነ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ የተጀመረበትም ደቂቃ ይመዘገባል። በዚህ ደንብ የአማካሪው ንግግር በሙሉ በፊደል ይቀመጣል፤ «ሲግኒፊካንት» ምንም ቅጥያ ባይኖረውም የሚያስረው «አይደለም» ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የሆሄያት መለያየት ነው። አንድ ቃል በአንዱ ገጽ «ሪዛልት»፣ በሌላው «ሪዘልት» ከተጻፈ በፍለጋ ጊዜ ግማሹ ይቀራል። የ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» መለዋወጥም እንዲሁ ነው። ይህን ለመከላከል ገልባጩ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ጽፎ ይቆማል፤ ያገኛቸውን የውጭ ቃላት በሠንጠረዥ ያሰፍራል፤ ለእያንዳንዱም አንድ አጻጻፍ ይመርጣል። ሠንጠረዡ ሥራው በቀጠለ ቁጥር ያድጋል። ሁለት ሰዎች ሥራውን ከተካፈሉ ደግሞ ሁለቱም ያንኑ የአምስት ደቂቃ ድምፅ ለየብቻ ገልብጠው ያመሳክሩ። ልዩነቱ የሆሄ ከሆነ ሠንጠረዡ ይታረማል፤ የቃል ምርጫ ከሆነ ግን አንደኛው እየተረጎመ ነው ማለት ነው፤ ሥራው ከመቀጠሉ በፊት መታረም አለበት።

በዚህ ሐሳብ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ያለ ግልባጭ ለማንበብ አይመችም፤ ተናጋሪውንም ቋንቋ የማያውቅ ሊያስመስለው ይችላል። ጽሑፉ ለኅትመት ወይም ለመዝገብ ቤት ቃለ ጉባኤ የሚውል ከሆነ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ለአንባቢ የሚቀርበው ቅጂ ሊስተካከል ይገባዋል። ለትንተና የሚውለው ግልባጭ ግን ማስረጃ ነው። ተማሪዋ አስተያየቱን ተከትላ ጽሑፏን ስታርም፣ አማካሪው የነገሯት ጥናቱ እንደማይጠቅም ነው ወይስ ፈተናው ልዩነት እንዳላሳየ ብትጠራጠር፣ መልሱን የምታገኘው «ሲግኒፊካንት» የሚለው ቃል በገጹ ላይ ካለ ብቻ ነው።