መስከረም ላይ ገጣሚ፣ ጥር ላይ ፈላስፋ

«ካፕሽን የፎቶው ነው እንጂ የኔ አይደለም» የሚል ጓደኛ አለኝ። ፎቶው ሲያዝን አብሮ ያዝናል፣ ሲስቅ አብሮ ይስቃል። ሰርግ ላይ ገጣሚ ነው፣ ፈተና ሲደርስ ፈላስፋ፣ ሆሳዕና ላይ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተሰበረ ልብ። ከቴሌግራም የተለቀመ «ምርጥ ካፕሽኖች» እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጨዋ ስለሆንን ግን ላይክ እናደርጋለን።

እኔ ይህን ነገር አልቀበለውም። ስሜት ይቀያየራል፣ ርዕስም ይቀያየራል፤ የሚያወራው ሰው ግን መቀያየር የለበትም። ፎቶውማ ራሱን ችሎ ይናገራል፤ ከጎኑ የሚጻፈው ያነሳው ሰው ድምፅ ካልሆነ ለምን ይጻፋል?

ለመሳደብ መብት እንዲኖረኝ መጀመሪያ የራሴን ፈተሽኩ። ከመስከረም እስከ የካቲት የለጠፍኩትን ሁሉ፣ ፎቶውን ትቼ ጽሑፉን ብቻ በቀን ቅደም ተከተል አንድ ቦታ ገለበጥኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት። ኧረ ጉድ ነው! ሦስት ሰው ነበርኩ። አንደኛው ዜና አንባቢ፣ ሁለተኛው ሰባኪ፣ ሦስተኛው ብቻ እኔን ይመስላል። ዜና አንባቢው በያሆዴ ሰሞን የጻፈው ይኸውላችሁ፦

«ውብ በሆነችው ሆሳዕና ከተማችን በዛሬው ዕለት በደማቅ ሁኔታ የተከበረውን የያሆዴ በዓል አስመልክቶ ከመላው ቤተሰቦቼ፣ ከጓደኞቼና ከጎረቤቶቻችን ጋር በመሆን ባህላዊ ምግባችን የሆነውን አተካና በፍቅርና በደስታ ተመግበናል።»

ይህ ሰው ማን ነው? የዞን ኮሙኒኬሽን ቢሮ ነው እንዴ የሚሠራው? ቤታችን ውስጥ «አስመልክቶ» የሚል ሰው የለም። ሌላም ችግር አለው። ኢንስታግራም ከ125 ፊደል ገደማ በኋላ ጽሑፉን ቆርጦ ቀሪውን ይደብቃል። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ አተካናው ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ «ተመግበናል» ከመባሉ በፊት ዓረፍተ ነገሩ ይቆረጣል። እንግሊዝኛ ግሡን ቶሎ ስለሚያወጣ ረጅሙም ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል፤ የኛ ግን ካላጠረ ባዶ ሳህን ነው።

ታዲያ የራሴን ድምፅ ከየት አመጣሁት? ብዙ ላይክ ካገኙት ፖስቶች አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ላለው ወንድሜ በዋትሳፕ ከምጽፈው ነው። እዚያ ዓረፍተ ነገሬ አጭር ነው፣ ሰው ሲናገር ቃሉን እንዳለ አስቀምጣለሁ፣ ቀልዱን መጨረሻ ላይ አደርጋለሁ። ያንኑ ፎቶ ለሱ ብልክለት ኖሮ እንዲህ ነበር የምለው፦

«እናቴ ቡላውን እያማሰለች ዝም በሉ አለች። ዝም አልን። ቅቤው ሲገባ ግን ማን ይችላል።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ወሰንኩና ስልኬ ላይ ጻፍኩ። የማወራው ለወንድሜ ነው፤ ስለዚህ «ውድ ተከታዮቼ» ቀረ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከአሥር ቃል አይበልጥም። ያሆዴም አተካናም በቅንፍ አይብራሩም፤ ያላወቀ ይጠይቃል። የከተማዬንም ስም «ሆሳዕና» እያልኩ አንድ ዓይነት መጻፍ ጀመርኩ። አንዴ በዐይኑ «ዕ» አንዴ በአልፋው «እ» የሚጽፍ ሰው ሃሽታጉን ለሁለት ይከፍለዋል። (በሆሳዕና በዓል ሰሞንማ ከተማዋና ዘንባባው መቀላቀላቸው አይቀርም፣ እሱን ተዉት።)

አንዳንዱ ደግሞ ወጥነት ሲባል በየፖስቱ አንድ ሐረግ መድገም ይመስለዋል። እሱ ማኅተም እንጂ ድምፅ አይደለም፤ በሁለተኛው ወር ያሰለቻል። ዱራሜ ያለው ወዳጄ ይህ ገብቶታል። አምበሪቾ ላይ በተሠራው 777 ደረጃ ስንቱ «ከፍታ ላይ ነኝ» ብሎ ለጠፈ! እሱ የጻፈው ስንተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቱ እንደከዳው ነው። በመሳላ ሰሞን ምን ያህል በልቶ መነሳት እንዳቃተው ጻፈ። ሐረጉ አንድ አይደለም፣ ዓይኑ ግን አንድ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያየው ራሱ የተሸነፈበትን ቦታ ነው። ስሙን ብትሸፍኑት ታውቁታላችሁ።

«ለቅሶስ?» አለኝ ያ ጓደኛዬ፣ ያሸነፈኝ መስሎት። ጥያቄው ግን ልክ ነው። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ሲያርፉ ምን እንደምጽፍ ጨንቆኝ ነበር። «ነፍስ ይማር» ከሚለው የተዘጋጀ ጽሑፍ አንዱን ልገለብጥ ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ ቀልዱን አውጥቼ ሌላውን እንዳለ ተውኩት፦ «ጋሼ ጠዋት ጠዋት በራችንን ያንኳኩ ነበር። ዛሬ ማንም አላንኳኳም።» ወንድሜ አንብቦ ወዲያው ደወለ።

የጥሩን የፈላስፋ ፖስት አላጠፋሁትም። ከሁሉም ብዙ ላይክ ያለው እሱ ነው፤ ያናድደኛል።