የተሳሳተውን መልስ ማን ያነበዋል?

ጉለሌ የሚገኘውን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሰፈሩ ሰውም የታክሲ ረዳቱም «ጳውሎስ» ብለው ያልፉታል። በ2000 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፈትበት «ሚሌኒየም» የሚለው ቃል በስሙ ላይ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ሕሙማን የሚታከሙበት ብቻ ሳይሆን ሐኪሞች የሚማሩበትም ሆኗል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኙት ሰዎች ከተለያየ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተለያየ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ትናንት ያደረገውን ሌላው በደብተር ብቻ ያውቀዋል። በአገራችን የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው «ፕሪ ቴስት» የተፈጠረው ይህን ልዩነት ለማየት ነው። ሠልጣኙ ስሙን ሳይሆን የኮድ ቁጥር ይጽፋል፣ ወረቀቱ ይሰበሰባል፣ ሥልጠናው ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ያኔ «አማካዩ ከዚህ ተነሥቶ እዚህ ደረሰ» ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ የፕሪ ቴስት ጥቅም ያለው በአማካዩ ውስጥ አይደለም፤ በተሳሳቱት መልሶች ውስጥ ነው፤ እነሱም መነበብ ያለባቸው ትምህርቱ ሳይጀመር ነው።

ነገሩን በአንድ ጥያቄ እንየው። ነፍሰ ጡር ሴት በደም ግፊት ምክንያት ሰውነቷን ሲያንቀጠቅጣት፣ ማለትም ኤክላምፕሲያ ሲይዛት፣ የሚሰጠው መድኃኒት ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይገባል። ጥያቄው እንዲህ ይበል፦ «እጅሽ ላይ ያለው አምፑል 50 በመቶ ነው። 4 ግራም ለማግኘት ስንት ሚሊ ሊትር ትቀጂያለሽ?» ምርጫዎቹ 2፣ 4፣ 8፣ 80 እና «አላውቅም» ይሁኑ። ሃምሳ በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ግራም አለ ማለት ስለሆነ አንዱ ሚሊ ሊትር ግማሽ ግራም ይይዛል፤ መልሱ 8 ነው። በዚያ ላይ 12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ወይም ሳላይን ሲጨመር 20 ሚሊ ሊትር የሆነ 20 በመቶ ድብልቅ ይገኛል። የተቀሩት ቁጥሮች እንዲሁ የተበተኑ አይደሉም። 4 የመረጠችው ግራምንና ሚሊ ሊትርን አንድ አድርጋለች፤ እናቲቱ 2 ግራም ብቻ ታገኛለች። 2 የመረጠችው ማካፈል ሲገባት አባዝታለች። 80 የመረጠችው ደግሞ ሃምሳ በመቶን «በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም» ብላ አንብባዋለች፤ ያ ማለት 40 ግራም ነው፣ ትንፋሽ የሚያቆም መጠን። እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ ምክንያት አለው፤ ማስተካከያውም የተለያየ ነው።

አሁን ሠላሳ ሠላሳ ሰው ያላቸው ሁለት ክፍሎች ይህን ጥያቄ ሠሩ እንበል። በሁለቱም 12 ሰው 8ን መረጠ፤ ሪፖርቱ ለሁለቱም «40 በመቶ» ይላል። የመጀመሪያው ክፍል ወረቀት ሲገለጥ ግን 14 ሰው 4ን መርጧል። ይህ ክፍል በአንድ ቦታ ተሰናክሏል፤ አሠልጣኟ አምፑሉን ከፍ አድርጋ «በዚህ ውስጥ 1 ግራም ስንት ሚሊ ሊትር ይይዛል? በ20 በመቶው ድብልቅስ?» ብትል፣ 2 እና 5 የሚሉት መልሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግራምና ሚሊ ሊትር እንደሚለያዩ ይታያል። ሩብ ሰዓት ይበቃል። በሁለተኛው ክፍል ግን 10 ሰው «አላውቅም» ብሏል፤ የቀሩት 8 በሦስቱ ስሕተቶች ላይ ተበትነዋል። እዚህ የሚስተካከል አንድ ስሕተት የለም፤ መቶኛ ማለት ምን እንደሆነ ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል፣ ያወቁትን 12 ሰዎችም ካላወቁት ጋር ማስቀመጥ። ለሁለቱ ክፍሎች አንድ ዓይነት ስላይድ ማሳየት አንዱን ያሰለቻል፣ ሌላውን ይጥላል።

«የሚያውቁትንና የማያውቁትን እኔ ሳልፈትን አውቃለሁ» የሚል ልምድ ያለው መምህር ይኖራል። ለዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጠው ፊዚክስ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ሄስቴነስ፣ ዌልስና ስዋክሃመር የተባሉ አሜሪካውያን ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ሃያ ዘጠኝ ጥያቄ የያዘ ፈተና አሳተሙ፤ የተሳሳቱት ምርጫዎች የተወሰዱት ሰዎች በዕለት ተዕለት ኑሮ ከሚያስቡት ነው። የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙር ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ሄስቴነስ ያዘጋጀውን የዚህን ፈተና ቀዳሚ፣ ተማሪዎቹ ከባድ ስሌት የሚሠሩ ስለነበሩ ይቀላቸዋል ብሎ ሰጣቸው። ውጤቱ ግን አስደነገጠው። እንዲያውም አንድ ተማሪ የሚመልሰው ማዙር ባስተማረው መንገድ ይሁን ወይስ ራሱ በሚያስበው እንደሆነ ጠየቀው። ማዙር አስተማሪነቱን ከዚያ ወዲህ እንደገና ማዋቀር ጀመረ። ስሌቱን በትክክል የሚሠራ ሰው ሐሳቡን ላይይዘው ይችላል፤ ይህን የሚያወጣው በልክ የተቀመጠ የስሕተት ምርጫ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ በምርጫ ፈተና ላይ ገምቶ ማግኘት አለ። እውነት ነው። አራት ምርጫ ብቻ ቢሆንና ሠላሳውም ምንም ባያውቁ ሰባት ወይም ስምንት ሰው በዕድል ያገኛል። «አላውቅም» የሚለው አምስተኛ ምርጫ የገባው ለዚህ ነው፤ የሚሠራው ግን ፈተናው ማርክ እንደሌለው በግልጽ ሲነገርና ወረቀቱ በኮድ ሲሆን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ማርክ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ሰው አለማወቁን ይደብቃል። ሁለተኛው መከላከያ መንታ ጥያቄ ነው፦ ጥቂት ጥያቄዎች ዝቅ ብሎ «በዚሁ አምፑል በእያንዳንዱ መቀመጫ የሚወጋው 5 ግራም ስንት ሚሊ ሊትር ነው?» ማለት። ሁለቱንም፣ 8ንና 10ን፣ ያገኘ ሰው በዕድል ያገኘው ሊሆን የሚችለው አልፎ አልፎ ነው። ወረቀት የማያሳየው ነገርም አለ። 8 ብላ የጻፈች ሲሪንጁን ይዛ አምፑል ስትሰብር፣ ስትቀዳና ስትቀላቅል ምን እንደምታደርግ በጥያቄ አይታወቅም፤ ያ በእጅ ይታያል።

«ጊዜ የለንም» የሚሉም አሉ። ሥራው ግን ትንሽ ነው። አሥር ጥያቄ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ጄፒጎን በመሳሰሉ ድርጅቶች የሥልጠና መምሪያዎች ውስጥ ጥያቄዎቹን በአንድ አቅጣጫ፣ የሠልጣኞቹን ቁጥር በሌላው የሚደረድር ሠንጠረዥ ከድሮ ጀምሮ አለ፤ ሠልጣኞቹ ሻይ ሲጠጡ ሁለት አሠልጣኞች ይሞሉታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሣጥኑ ውስጥ በትክክልና በስሕተት ምልክት ፈንታ የተመረጠው መልስ ፊደል ይጻፍ። አንድ የስሕተት ፊደል በአንድ ረድፍ ላይ ደጋግሞ ሲታይ የትምህርቱ መጀመሪያ እዚያ ነው፤ ሁሉም ትክክል የሆነበት ረድፍ ደግሞ ከፕሮግራሙ ሊወጣ ይችላል፣ ጊዜውም የሚገኘው ከዚያ ነው። ፕሪ ቴስቱ ሥራ ላይ መዋሉን ለማወቅ የመጨረሻውን ቀን አማካይ መጠበቅ አያስፈልግም። ጠዋት የታደለውን ፕሮግራም ከሻይ በኋላ ካለው ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ ምንም ካልተቀየረ ወረቀቱን ያነበበው የለም።