ሐዲድ ላይ ለቆመ መኪና የመጀመሪያው ስልክ ለማን ይደወል?

እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2017 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ቢሎክሲ ከተማ ውስጥ አረጋውያንን የጫነ የጉዞ አውቶቡስ ሜን ስትሪት የተባለው መንገድ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ሆዱ መሬት ነክቶ ቆመ። የፊት ጎማዎቹ ጉብታውን ተሻግረዋል፤ የኋላዎቹ ገና አልወጡም፤ መካከሉ ሐዲዱ ላይ ተቀምጧል። ሾፌሩ ሊያንቀሳቅሰው ታገለ፤ አልሆነም። ተሳፋሪዎቹ እየወረዱ ሳሉ የጭነት ባቡር መጣ። የባቡሩ ነጂ የአደጋ ፍሬን ቢይዝም ባቡሩ አውቶቡሱን ገጭቶ እየገፋ ወሰደው። አራት ተሳፋሪዎች ሞቱ።

ያ ባቡር ፈጣን አልነበረም። ነጂው ፍሬን ሲይዝ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ሲገጭ ደግሞ ወደ 30 ዝቅ ብሎ ነበር። የከተማ ታክሲ ከሚሄድበት ፍጥነት አይበልጥም። ረጅም የጭነት ባቡር በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲበር ደግሞ ለመቆም አንድ ማይልና ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ነጂው መኪናውን ዓይቶ ያቆመዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ባቡሩን ማቆም የሚችለው ገና ሩቅ ሳለ ከመቆጣጠሪያ ማዕከል የሚደርሰው መልእክት ነው። መልእክቱ እንዲደርሰው ደግሞ ሐዲዱ አጠገብ ያለ ሰው ትክክለኛውን ስልክ ቀድሞ መደወል አለበት።

በአሜሪካ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን እንጀራቸው መሪ ላይ ነው። ትራክ፣ አውቶቡስ፣ ቫንና ታክሲ ይነዳሉ። መኪና ሲበላሽ ሾፌር መጀመሪያ የሚደውለው ለዲስፓቸሩ ወይም ለመኪናው ባለቤት ነው፤ ሐዲድ ላይ ግን ይህ ልማድ ይገድላል። ዲስፓቸሩ ባቡር ማቆም አይችልም። የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፤ ሐዲድ ላይ የቆመ ሾፌር መጀመሪያ ሰዎቹን ያውጣ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው ሰሌዳ ላይ ያለውን ቁጥር ይደውል፤ የመኪናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው።

ሰማያዊው ሰሌዳ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። በማቋረጫው ምልክት ወይም በመብራቱ ምሰሶ ላይ ይለጠፋል። በላዩ የባቡር ኩባንያው የአደጋ ስልክ፣ ከሥሩ ደግሞ ስድስት አኃዝና አንድ ፊደል ያለው የማቋረጫው መለያ ተጽፏል። መለያው በአገሪቱ ውስጥ የዚያ ማቋረጫ ብቻ ነው። ደዋዩ የመንገዱን ስም ባያውቅ፣ እንግሊዝኛው ቢሰባበር እንኳ፣ መለያውን አንብቦ “ሐዲድ ላይ መኪና ቆሟል” ካለ የባቡር ኩባንያው ቦታውን ያውቀዋል። መኪናው ነዳጅ ወይም ኬሚካል ከጫነ ያንንም መናገር አለበት። ሰሌዳው ካልታየ 911 ይደወላል፤ ሆኖም በዚያ በኩል መልእክቱ ባቡር ኩባንያው ዘንድ እስኪደርስ ውድ ደቂቃዎች ሊያልፉ ይችላሉ።

ስልኩ የሚደወለው ግን ከሐዲዱ ርቆ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አልነሳ ካለ ወይም መኪናው ከተቀረቀረ፣ ባቡር ባይታይም ሁሉም ወዲያውኑ ይውረዱ። ዕቃ ለማንሳት መመለስ የለም። ባቡር እየመጣ ከሆነ ደግሞ የሚሮጥበት አቅጣጫ ለብዙ ሰው የማይዋጥ ነው፤ ከሐዲዱ ወደ ጎን እየራቁ፣ ባቡሩ ወደሚመጣበት በኩል አግድም መሮጥ ያስፈልጋል። ባቡር መኪና ሲመታ ስብርባሪውን የሚወረውረው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ባቡሩን ሸሽቶ በሐዲዱ ጎን ወደ ፊት የሮጠ ሰው ከብረቱ ጋር ይገናኛል።

ሞተሩ እየሠራ አጥሩ ከኋላም ከፊትም ቢወርድስ? መንዳት ነው። የማቋረጫው አጥር መኪና ሲገፋው እንዲሰበር ተደርጎ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2015 በኒው ዮርክ ቫልሃላ አጠገብ የአንዲት ሴት መኪና ላይ አጥሩ ከኋላ ወረደ። ወርዳ አየችው፤ ተመልሳ ገባች፤ ከዚያም ወደ ሐዲዱ ነዳች። በደረሰው ግጭት እሷን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ሞቱ። ለመኪናው ቀለም ማሰብ የሰው ተፈጥሮ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን የአጥርም የቀለምም ዋጋ አይታሰብም። ሐዲዱ ውስጥ ያለ ወደ ፊት ጥሶ ይውጣ፤ ገና ሐዲዱ ጋ ያልደረሰ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለስ።

ከሁሉም የሚሻለው እዚያ አለመቆም ነው፤ ለከባድ መኪና ሾፌር ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት የሚጀምረው ባቡሩ ሊደርስ ቢያንስ 20 ሰከንድ ሲቀረው ነው። የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መማሪያ እንደሚለው ከተሳቢ ጋር ያለ ትራክ አንድ ሐዲድ ለመሻገር ቢያንስ 14 ሰከንድ፣ ሁለት ሐዲድ ሲሆን ከ15 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የሚተርፈው ስድስት ሰከንድ ብቻ ነው። ከማዶ ቀይ መብራት ካለና ፊት ያለው መኪና ከቆመ እሱም የለም። ስለዚህ ከነተሳቢው ማለፍ የሚያስችል ባዶ ቦታ በማዶ ሳያይ የትራክ ሾፌር ጎማውን ሐዲድ ላይ ማሳረፍ የለበትም። ከገባ በኋላም ማርሽ አይቀየርም፤ ሞተር የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

የቢሎክሲው ዓይነት መቀርቀር ዝቅ ያለ ሆድ ያላቸውን መኪኖች ይመለከታል፤ ሎቤድ፣ መኪና ጫኝ ተሳቢ፣ የዕቃ ማመላለሻ ቫን፣ ረጅም አውቶቡስ። ባለአንድ አክስል ትራክ የሚጎትተው ረጅም ተሳቢ እግሩ ለባለሁለት አክስል ትራክ እንዲመች ተስተካክሎ ከሆነም ያው ነው። ጉብታ ላይ ያረፈ ትራክ የተሳለበት ቢጫ ምልክት ሲታይ ሌላ መንገድ መፈለግ ነው እንጂ “ፈጠን ብዬ ላሳልፈው” አያዋጣም።

ጥፋቱ ሁሉ በሾፌር ላይ እንዲደፋም ይህ ጋዜጣ አይቀበልም። በቢሎክሲ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ነበር፤ ከዚያ በፊትም በዚያው ማቋረጫ መኪኖች በተደጋጋሚ ተቀርቅረዋል። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ፣ የባቡር ኩባንያውና ከተማው አደጋውን እያወቁ ተቀናጅተው ማቋረጫውን አላስተካከሉም የሚል ነው። ሐዲድ በጥገና ጠጠር በተሞላ ቁጥር ከፍ ይላል፤ መንገዱ ከሁለት ወገን አብሮት ካልተስተካከለ ጉብታው ያድጋል።

ሾፌሩን ከመደወል የሚያስቀር ፍርሃትም አለ። በፌዴራል ሕግ የማቋረጫ ጥፋት የንግድ መንጃ ፈቃድን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያንስ ለ60 ቀን ያሳግዳል፤ ሆድ ነክቶ መቀርቀርም ከጥፋቶቹ አንዱ ነው። ሁለት ወር ያለ ገቢ መቀመጥ ለቤተሰብ ከባድ ነው። “ማንም ሳያይ ላውጣው” የሚል ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ያ ሙከራ ግን ባቡሩ የሚደርስበትን ደቂቃ ይበላል። በመሆኑም ትራክ ያላቸው ወገኖቻችን ለቀጠሯቸው ሾፌሮች “መጀመሪያ ለእኔ ሳይሆን ለባቡሩ ደውል” የሚል የጽሑፍ መመሪያ ይስጡ። በአማርኛ መንጃ ፈቃድ የሚያስተምሩም ተማሪውን አንድ ቀን ማቋረጫ አጠገብ አቁመው ሰማያዊውን ሰሌዳ ያስነብቡት።

አገር ቤት ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በሚሄደው መስመርም ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ከሩቅ ድምፁ ብዙም ላይሰማ ይችላል። መኪና በሚያቋርጥበት በእያንዳንዱ ቦታ የአደጋ ስልክና የቦታው መለያ በአካባቢው ቋንቋ ጎልቶ እንዲጻፍ፣ የተጻፈበትም እንዳይደበዝዝ እንዲጠበቅ የሚመለከታቸውን እንጠይቃለን።