ሰበር ሦስተኛ ይግባኝ አይደለም፤ የተዘጋው በር ሌላ ነው

በሐሰተኛ ሰነድ ፍርድ የተፈረደባቸው ወገኖቻችን፣ ቅሬታቸውን ይዘው ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይሮጣሉ። ሲመለሱም «ፍትሕ ተነፈግን» ይላሉ። ተነፍገው ይሆናል፤ ነፋጊው ግን ሰበር አይደለም። ነፋጊው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 6 ነው።

ሕጉ ስህተትን የሚያርምባቸው ሦስት መንገዶች አሉት። በይግባኝ፣ የበላዩ ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም ይመረምራል፤ ጊዜው ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የተደነገገው ሰበር ግን የሚያየው፣ በመጨረሻ ውሳኔ ላይ የተፈጸመ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። ዳኛው በፊቱ በነበረው ማስረጃ ሕጉን በትክክል ሠርቶበት፣ ማስረጃው ራሱ ሐሰት ቢሆን፣ የሕግ ስህተት አልሠራም። ለዚህ የተበጀው ሦስተኛው መንገድ፣ ዳግም ዳኝነት ነው። አቤቱታው የሚቀርበውም ለበላይ ሳይሆን ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጅዳ የምትሠራ ሴት አዲስ አበባ ያለውን ቤቷን ሸጣለች ተብላ ተከሰሰች እንበል። ጠበቃዋ ውሉን ቢክድም ፍርድ ቤቱ ውሉን አመነው፤ ይግባኟም ውድቅ ሆነ። ከዓመት በኋላ፣ በዚያው ደላላ ላይ በተደረገ የወንጀል ምርመራ፣ በውሉ ላይ ያለው ማኅተም ሐሰተኛ መሆኑ ተረጋገጠ። አንቀጽ 6 ሐሰተኛ ሰነድን በስም ጠቅሶ ይቀበላል፤ ይሁን እንጂ አቤቱታው ነገሩ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። በዚህች ወር የምርመራውን ውጤት ማስገልበጥ፣ ውክልና በቆንስላ ማስመስከርና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ፣ ጠበቃ መያዝ አለባት። ጊዜውን ሰበር ደጅ በመጥናት ካሳለፈችው ደግሞ፣ እውነቱ በእጇ ሳለ መብቷ ያልፋል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። የአንቀጹ ቃል፣ ይግባኝ ሊባልበት ለሚችል ፍርድ ዳግም ዳኝነት የሚጠየቀው ይግባኝ ካልተባለበት ነው ይላል። ስለዚህ በጊዜው ይግባኝ ያለችው ሴት፣ በትጋቷ ምክንያት መከራከሪያ ይቀርብባታል። የሰው ሀብት በችሎት ትርጓሜ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር አይገባም።

«ፍርድ ማለቂያ ይኑረው» የሚሉ ወገኖች ሥጋት እውነት አለው። ነገር ግን አንቀጽ 6 አስቀድሞ ሁለት መከላከያ አቁሟል፤ አመልካቹ ተገቢውን ትጋት አድርጎም ነገሩን ሊያውቅ አለመቻሉን፣ ነገሩም ቢታወቅ ኖሮ ፍርዱን ይለውጥ እንደነበር ማስረዳት አለበት። ሐሰትን የሚከለክሉት እነዚህ ናቸው እንጂ የወሩ ማጠር አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ ወሩ ወደ ስድስት ወር ይራዘም። ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ከጥርጣሬ ሳይሆን ማስረጃው ከተገኘበት ቀን መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ይግባኝ መባሉም ዳግም ዳኝነትን እንደማይዘጋ በሕጉ ቃል ይደንገግ። ሰበርን ማስፋት ይህን በር አይከፍተውም።