ቀለሙን በየሳምንቱ የሚቀያይር ፔጅ አንባቢውን ያሳስታል

አንድ የወቅታዊ ጉዳይ ቻናል አለ እንበል፤ በየሳምንቱ የዶላርን ምንዛሪ በስላይድ እያብራራ የሚለጥፍ። በመጀመሪያው ሳምንት የባንኩ ዋጋ በሰማያዊ መስመር፣ የጥቁር ገበያው በብርቱካናማ ወጣ። ተከታታዩ አንባቢ አገኘ፣ ሼር ተደረገ። በስድስተኛው ሳምንት ሥራውን ሌላ ዲዛይነር ያዘው፤ የራሱን ጣዕም ተከትሎ ሰማያዊውን ለጥቁር ገበያው ሰጠው። ከታች በትንንሽ ፊደል የቀለሙን ትርጉም ጽፎታል፤ ስህተት የለበትም። ነገር ግን አምስት ሳምንት የተከታተለ ሰው ያንን ማብራሪያ ያነበበው አንዴ፣ ያውም በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሰማያዊ ሲያይ ባንክ ይላል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የጥቁር ገበያውን ዋጋ የባንክ ዋጋ ነው ብሎ ለጎረቤቱ ነገረ።

ይህን ጉዳይ ያነሳ ሰው ከፔጅ ባለቤቶች የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፦ «ዋናው ይዘቱ ነው፣ ቀለም ጌጥ ነው»። ለአንድ ነጠላ ፖስት ይህ አባባል ሊያስኬድ ይችላል። ለተከታታይ ካሩሰል ግን አያስኬድም፤ ምክንያቱም በተከታታይ ሥራ ውስጥ ቀለሙ፣ የስላይዱ ዓይነትና የግራፉ ልክ ራሳቸው ይዘት ናቸው። አንባቢው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የሚያነበው እነሱን ነው።

ቀለም መለዋወጥ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በክፋት ወይም በውሳኔ አይደለም፤ በችኮላ ነው። ዲዛይነሩ ዋናውን ቴምፕሌት ከመክፈት ይልቅ የትናንቱን ፋይል ኮፒ አድርጎ ጽሑፉን ይቀይራል። ትናንት ለአንድ ረጅም ርዕስ ሲባል የጠበበው ኅዳግ ዛሬ መደበኛ ይሆናል። ፋይሉ ከጠፋ ደግሞ ቻናሉ ላይ የተለጠፈውን ምስል አውርዶ ቀለሙን ከሥዕሉ ላይ ይቀዳል። ቴሌግራም ግን ፎቶን ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው፤ ከተጨመቀ ምስል የተቀዳ ቀለም፣ በተለይ ከፊደልና ከመስመር ጠርዝ አካባቢ የተቀዳ፣ ከመጀመሪያው ትንሽ ይለያል። ይህ ሃያ ጊዜ ሲደጋገም ጥቁር ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፣ ማንም ሰው ግን የቀየረው አይመስለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀለም በዓይን አይመረጥ፣ በኮድ ይጻፍ። ባንክ `#1B3A5C`፣ ጥቁር ገበያ `#D9772B`፣ የድሮ መረጃ ግራጫ። ከእያንዳንዱ ኮድ አጠገብ ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ቃል ይጻፍ። ትርጉም ያልተጻፈለት ቀለም ከዝርዝሩ ይውጣ።

ቀይና አረንጓዴን ለዚህ ሥራ የሚመርጡ ብዙ ናቸው። መጥፎ ምርጫ ነው። አንደኛ፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። ሁለተኛ፣ የዶላር መወደድ ለአስመጪው ጉዳት፣ ቡና ለሚልከው ደግሞ ጥቅም ሊሆን ስለሚችል፣ ቀይ የቀባው ዲዛይነር ሳይጠየቅ ፍርድ ሰጥቷል። በካርታ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ አንድን አካባቢ ቀይ መቀባት በዚህ አገር ክስ ተደርጎ ይነበባል።

ከቀለም ይልቅ ቸል የሚባለው የግራፉ ልክ ነው። ምንዛሪው በአንድ ሳምንት ከ120 ወደ 124 ብር ወጣ ይባል። ግራፉ ከ0 ተነስቶ እስከ 150 የሚደርስ ከሆነ፣ ጭማሪው ከግራፉ ቁመት 3 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ መስመሩ ጠፍጣፋ ይመስላል። ዲዛይነሩ «እንዲታይ» ብሎ ግራፉን ከ119 ወደ 125 ካጠበበው ያው 4 ብር የቁመቱን ሁለት ሦስተኛ ይወጣል፤ ገደል ይሆናል። ሁለቱም ስዕሎች ውሸት የለባቸውም። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው፣ በዚህ ሳምንት ሁለተኛው ከወጣ ግን፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው አገር ተገለበጠ ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ ልኩ በቴምፕሌቱ ውስጥ ይቆለፋል፤ ለየሳምንቱ ዲዛይነር አይተውም።

ይህ ደንብም ወሰን አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም 100 ብር አለፈ። ከ50 እስከ 60 የተቆለፈ ግራፍ እንዲህ ያለውን ቀን አይችለውም። ልኩ መቀየር ካለበት ይቀየራል፤ ግን ግራፉ ባለበት ስላይድ ላይ «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልኩ ተቀይሯል» ተብሎ ይጻፋል፣ የድሮው ቁጥርም በአዲሱ ልክ አንድ ጊዜ እንደገና ይሳላል።

ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ግን በስላይድ ዓይነቶች ላይ ነው። የወቅታዊ ጉዳይ ተከታታይ ብዙ ዓይነት ስላይድ አያስፈልገውም፦ ሽፋን፣ መነሻ፣ ቁጥር፣ ንግግር፣ ገና ያልታወቀው ነገር፣ ምንጭ። ስድስት ነው። ፔጆቹ ከስድስቱ የሚወዱት አንዱን ነው፤ በመሀል ግዙፍ ቁጥር፣ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር። ያምራል፣ ሼር ይደረጋል። እናም አንድ ባለሥልጣን በስብሰባ ላይ «በዚህ ዓመት 1 ሚሊዮን የሥራ ዕድል እንፈጥራለን» ቢል፣ ዲዛይነሩ 1 ሚሊዮንን በግዙፉ ያስቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ስላይድ የወጣው ግን የተቆጠረ፣ የተለካ ነገር ነበር። አንባቢው ሁለቱን በምን ይለያቸው? «እንፈጥራለን» የሚለው ግስ ከሥር ተጽፏል፤ ዓይን ግን ቁጥሩን ይዞ ሄዷል። ቃል መግባት ንግግር ነው፤ ቦታውም የንግግር ስላይድ ነው፦ የተናጋሪው ስም፣ ቀኑ፣ የተናገረበት ቦታ፣ የተለየ መደብ። በቁጥር ስላይድ ላይ የሚወጣው ማን እንደቆጠረው የሚታወቅ ነገር ብቻ ይሁን። ይህን መስመር የማይጠብቅ ፔጅ ሳይከፈለው የባለሥልጣን፣ አንዳንዴም የተቃዋሚ፣ ቃል አቀባይ ይሆናል።

«ገና ያልታወቀው» የሚለው ስላይድ ከሁሉ በፊት የሚቆረጠው ነው። ቦታ ሲጠብ እሱ ይወጣል። አንድ ሳምንት ከታየና በሚቀጥለው ከጠፋ ግን፣ የተከታተለ አንባቢ መጥፋቱን «ሁሉም ተረጋግጧል» ብሎ ይተረጉመዋል። የሚጻፍበት ነገር የለም ከተባለ እንኳ ስላይዱ ይቆይ፤ አንድ መስመር ይበቃዋል። ቦታ የሚያስፈልግ ከሆነ ከመነሻው ይቀነስ። ቴሌግራም በአንድ አልበም ከ10 ፎቶ በላይ አይቀበልም፤ ለኢንስታግራም ተብሎ 14 ስላይድ የተሠራ ካሩሰል ቴሌግራም ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። አብዛኛውን ጊዜ ምንጩና ያልታወቀው ነገር ያሉት በሁለተኛው ቁራጭ ነው፤ ፎርዋርድ የሚደረገው ደግሞ የመጀመሪያው።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ፤ ስላይድ ብቻውን ይጓዛል። ሰው ሰባቱን አይልክም፣ የሚያስደነግጠውን አንዱን ስክሪንሹት አንሥቶ ለቤተሰብ ግሩፕ ይልካል። ሽፋኑ ላይ ብቻ የተጻፈ ቀን እዚያው ቀረ ማለት ነው። ከስምንት ወር በኋላ ያ የዘይት ዋጋ «ዛሬ» ተብሎ ይዞራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስላይድ ግርጌ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ አንድ ቀጭን መስመር ይኑር፦ የተከታታዩ ስም፣ ቁጥሩ፣ ስላይዱ ከስንቱ ስንተኛ እንደሆነ፣ ቀኑ። «የሳምንቱ ምንዛሪ፣ ቁ. 41፣ 3/7፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.»። ለውጭ አገር አንባቢም የሚሠራ ፔጅ የፈረንጁን ቀን አብሮ ይጻፍ፤ አንድ ሳምንት በኢትዮጵያ፣ አንድ ሳምንት በፈረንጅ አቆጣጠር ግን አይሆንም። መስመሩ በጣም ወደ ጠርዝ አይጠጋ፤ 1080 በ1350 በሆነ ስላይድ ላይ ከየጠርዙ 90 ፒክስል ያህል ቢተውለት ከብዙ የመቆረጥ አደጋ ይድናል።

የአማርኛ ፊደል የራሱ ችግር አለው፤ ከውጭ የተገኘ ቴምፕሌት እሱን አያውቅም። ለእንግሊዝኛ የተሠራው ዲዛይን ርዕስን በትላልቅ ፊደል ይለያል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፣ የሚለየው በመጠንና በውፍረት ብቻ ነው። በጣም ሲወፍር ደግሞ ጨ እና ጩ በስልክ ላይ ውስጣቸው ይደፈናል። ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዊንዶውሱ በኒያላ ወይም በኤብሪማ፣ ማኩ በከፋ ይተካዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝምና ከሳጥኑ ይወጣል፣ ዲዛይነሩም ፊደሉን አሳንሶ ይገላገላል። በዚህ መንገድ በየሳምንቱ የፊደሉ መጠን ይለያያል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፣ ብዙ የውፍረት ደረጃም አለው፤ ሁሉም ጋ ይጫን። ጽሑፉ ሳጥኑን ካለፈ የሚቀንሰው ጸሐፊው ነው፣ ፊደሉ አይደለም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንዱ «ይሰለቻል» የሚለው ነው። የሚሰለቸው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። ዲዛይነሩ ያንን ቴምፕሌት በቀን ስምንት ሰዓት ያየዋል፤ አንባቢው በሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ደቂቃ። ዲዛይነሩ በሰለቸበት ሰዓት አንባቢው ገና መልመዱ ነው። መለወጥ የሚፈልግ ሽፋኑን ይለውጥ፤ ፎቶውም ርዕሱም የዚያ ሳምንት ይሁን፣ የውስጡ ግን ይጠበቅ።

ሁለተኛው ይከብዳል፦ «ቋሚ መልክ ያለው ፔጅ ለአስመሳይ ይመቻል»። እውነት ነው። የታወቁ የዜና ተቋማትን ሎጎና ቀለም የለበሱ የሐሰት ካርዶች በየጊዜው ይዞራሉ፤ ቴምፕሌት ማንንም አይከላከልም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥር 41 ያለው ስላይድ ሲደርሰው ተጠራጣሪ አንባቢ ቻናሉ ውስጥ ገብቶ ቁጥር 41ን ይፈልጋል፤ ከሌለ ወይም ሌላ ነገር የሚል ከሆነ ነገሩ አለቀ። በየሳምንቱ መልኩን የሚቀያይር ፔጅ ግን «ይህ የእኛ አይደለም» ቢል ማን ያምነዋል? የሱ የሆነውም እርስ በርሱ አይመሳሰልም።

እርማትም በዚሁ ይጣራል። ስህተት የወጣበት ፔጅ ብዙውን ጊዜ ስላይዱን በዝምታ ያጠፋዋል ወይም በጽሑፍ ብቻ «ይቅርታ» ይላል። ስህተቱ በምስል ተጉዟል፤ እርማቱም በምስል፣ በዚያው ቅርፅ፣ የተሳሳተውን ስላይድ ቁጥር ይዞ፣ ለእርማት ብቻ በተያዘ ቀለም መውጣት አለበት። ያ ቀለም ለሌላ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ከዋለ ዋጋ የለውም።

ይህን ሁሉ በዲዛይነሩ ጫንቃ ላይ መጣል ግን ግፍ ነው። የትኛው ቁጥር እውነታ፣ የትኛው ተስፋ እንደሆነ የሚወስነው አርታኢው ነው፤ እንግዲያው ዋናው ፋይል በአርታኢው እጅ ይቀመጥ፣ ያለ እሱ ፈቃድም ቀለምና ልክ አይነካ። አሁን ብዙ ቻናሎች ውስጥ አርታኢው የሚያየው ጽሑፉን በወርድ ፋይል ነው፤ ስላይዱን የሚያየው እንደማንኛውም ተከታታይ ከተለጠፈ በኋላ፣ በስልኩ።