«ለገና አልመጣም»

ይህ ደብዳቤ በሪያድ ከተማ በቤት ሠራተኝነት የምትሠራ እኅታችን መርካቶ ለሚኖሩ ወላጆችዋ የላከችው ነው። ቤተሰቡ ስለፈቀደልን ስም ሳንጠቅስ አቅርበነዋል።

«ውድ አባዬና እማዬ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ ደህና ነኝ።

እማዬ፣ ባለፈው በስልክ ‹ለገና አንድ ሳምንት እንኳ አስፈቅደሽ ነይ› ስትይኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም፤ ማዳም እየጠራችኝ ስለነበር ነው። አሁን ላስረዳሽ። እዚህ የቤት ሠራተኛ ትኬት ስለቆረጠች ብቻ ከሀገር አትወጣም። ወጥቶ ለመመለስ ኹሩጅ የሚሉት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱንም የሚያወጣልኝ አሠሪዬ ነው። እስከ ሁለት ወር ለሚያገለግለው ክፍያው 200 ሪያል ነው፤ ችግሩ ግን ገንዘቡ አይደለም። ስጠይቃቸው ‹ውልሽ የ2 ዓመት ነው፤ ሳይሞላ ሄደሽ ብትቀሪስ?› አሉኝ። እኔን ለማስመጣት ብዙ ስለከፈሉ ይፈራሉ። ገና ደግሞ እዚህ በዓል አይደለም፤ የዚያን ቀን እንደ ወትሮው ልብስ እተኩሳለሁ።

አባዬ፣ አንድ ጎረቤት ‹ከዚያ ቤት ጠፍታ ትውጣ፤ ውጭ የተሻለ ትሠራለች፤ ሲያሻትም ትመጣለች› ብሎ እንደመከረህ ሰማሁ። እባክህ አትስማው። ከጠፋሁ አሠሪዬ ‹ሁሩብ› ብሎ ያስመዘግበኛል። ያኔ ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ዋጋ ያጣል። ብበደል እንኳ ፖሊስ ዘንድ መሄድ እፈራለሁ። ወደ ቤት የምመጣውም ተይዤ ስባረር ይሆናል።

18 ወር ጨርሻለሁ፤ 6 ወር ቀረኝ። ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል። የመመለሻ ትኬቱ በአሠሪዬ እንደሚከፈል በውሉ ተጽፏል። ቅጂው ሱቅህ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከደረሰኞቹ ጋር እንዳይጠፋ ለይተህ አስቀምጠው። ሰኔ አልፎ ካልላኩኝ እሱን ይዘህ መጀመሪያ ወደ ላከኝ ኤጀንሲ ሂድ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው። ካልሰሙህ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አመልክት።

የላክሁትን ገንዘብ በግ ግዙበት፤ ‹ለትኬቷ› ብላችሁ አታስቀምጡት። እማዬ፣ ዶሮውን ስትሠሪ ስልኩ አጠገብሽ ይሁን። ማታ ሥራ ስጨርስ እደውላለሁ።

የምትናፍቃችሁ ልጃችሁ»

እናትየዋ ደብዳቤውን እስኪሰሙ ድረስ «ልጄ የጨከነችብኝ መስሎኝ ነበር» ብለውናል። ልጆቻችሁ በዐረብ ሀገር ያሉ ወላጆች ሆይ፣ ለበዓል ስትደውሉ «ለምን አትመጪም?» ከማለታችሁ በፊት «ውልሽ መቼ ያልቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅጂውም ቤታችሁ መኖሩን አረጋግጡ። ቅጂው ከሌላችሁ በዚሁ ስልክ ፎቶ አንሥታ እንድትልክላችሁ ንገሯት፤ አንድ ቀን በእርስዋ ፈንታ የምትከራከሩት በዚያ ወረቀት ነውና።