«ሐኪሙ ጎበዝ ነው» ሲባል

በቸሃ ወረዳ፣ በእምድብር ከተማ፣ የአንዲትን እናት የሁለት ዓመት ልጅ ሳል ያዘው እንበል። ጎረቤቷ ቡና ላይ «እዚያ ክሊኒክ ውሰጂው፤ ወረፋ የለም፣ ሐኪሙ ሳቂታ ነው፣ የእኔንም ልጅ በመርፌ አዳነልኝ» ትላታለች። በዚህ ምስክርነት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል።

ወረፋ አለመኖሩ ጊዜ ይቆጥባል እንጂ ስለ ሕክምናው ጥራት አይናገርም። በጤና ጣቢያ የጠናበት ሰው ቀድሞ ሲገባ ሌላው መቆየቱም ትክክለኛ አሠራር ነው። ፈገግታ ታማሚው ሳይፈራ እንዲናገር ይረዳል፤ ምርመራን ግን አይተካም። ይበልጥ የሚያሳስተው «አዳነልኝ» የሚለው ነው፤ ተራ ጉንፋን ያለ መርፌም በራሱ ይድናልና።

ስለዚህ እናቲቱ «ደረቱን ገልጦ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረ? ምን ምልክት ስታዪ ተመለሺ አለሽ?» ብላ ትጠይቅ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ የሚያስል ልጅ፣ ሳያለቅስ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ያጠራጥራል። ይህን ሳቂታው ሳይቆጥር ሊያልፈው፣ ኮስታራው ቆጥሮ ሊደርስበት ይችላል።

ልጁ ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን የማንንም ምስክርነት ሳትጠብቅ በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ተቋም ትሩጥ።